ጽሑፍ መሀል የተቀበሩ የቃላት ፍቺዎችን በፊደል ተራ ማውጣት፦ የአክስቴ የጠላ ማስታወሻ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ስትነግረኝ ቁጭ ብዬ እንደወረደ ጻፍኩት፣ አራት ገጽ ወጣው። ለቤተሰቡ ልጆች ልኬው ሳያቸው ግን ግማሹን ቃል አያውቁትም፣ በተለይ ውጭ አገር ያደጉት። አክስቴ ቃላቱን ሳታብራራ ቀርታ አይደለም፣ ሁሉንም አብራርታለች፣ ግን ወሬው መሀል ነው ያብራራችው፣ አንዱን ቃል ለማግኘት አራቱንም ገጽ ማንበብ አለባቸው። ስለዚህ ፍቺዎቹን አውጥቼ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ ልደረድራቸው ፈለግኩ፣ ገጹ ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጣም በኤችቲኤምኤል ነው የምሠራው። ጀመርኩና እዚች ላይ ተሰናከልኩ፦

ጌሾውን ወቅጠሽ ከብቅሉ ጋር በውሃ ስትዘፈዝፊው ያ ጥንስስ ይባላል፣ ሦስት ቀን ካደረ በኋላ እንኩሮውን ስትጨምሪበት ደግሞ ድፍድፍ ሆነ ማለት ነው፣ እሱን ነው እንግዲህ አፉን መርገሽ የምታስቀምጪው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ፍቺ አለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያለ መጀመሪያው አይቆምም። እንዴት ነው የምቆርጠው? ተራውስ እንዴት ነው የሚሠራው? እንደ መጥመቅና ማጠን ያሉትንስ የት ላግባቸው?

ይሄን ጠይቄ ክሩ ሦስት ሳምንት ቆየ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ ሁሉንም ከምታነቡ የተባለውን በየቁጥሩ እኔው ልተርክላችሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ነገሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ ነበር የጻፈው፣ ዎርድ ላይ ሁሉንም መርጦ የመደርደሪያዋን ቁልፍ መጫን ብቻ። ቅን ሰው ነው፣ ሞከርኩለትም። ዎርድ እውነትም በፊደል ይደረድራል፣ ግን የሚደረድረው አንቀጽን ነው፣ የሚያየውም አንቀጹ የሚጀምርበትን ፊደል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ጌሾውን ብሎ ስለሚጀምር ጌ ላይ ሄደ፣ የሚያብራራው ግን ጥንስስንና ድፍድፍን ነው። መሣሪያዋ የምትጠቅመው ቃሉ ከፊት፣ ፍቺው ከኋላ ሆኖ አንድ አንድ መስመር ከተደረገ በኋላ ነው፣ ችግሩ ደግሞ እዚያ እስክንደርስ ያለው ነው።

መልስ 2። ቀጥለው የጻፉት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የክሩን ግማሽ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ምክራቸው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጊና ጽሑፉን በወረቀት አትሚው የሚል ነው። ከዛ ቃሉን በአንድ ቀለም ማስመር፣ ፍቺውን በሌላ ቀለም። የትኛው ፍቺ እንደሆነ ለማወቅ አማርኛ ራሱ ምልክት ይሰጣል፣ ማለት፣ ይባላል፣ የሚባለው፣ ሲባል፣ የምንለው የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጎ ማየት ነው። ግን በዚህ ብቻ የተማመነ እንደሚሳሳት አስጠነቀቁ፣ ምክንያቱም ሰው ሲያወራ ያለምንም ምልክት በነጠላ ሰረዝ መሀል ሸጉጦ ያብራራል። እውነታቸውን ነው። በፍለጋ ያገኘሁት 12 ቃል ነበር፣ በዓይን ሳነብ ሌላ 5 ወጣ። አክስቴ አንድ ቦታ ላይ አሻሮውን፣ ያን የተቆላውን ገብስ፣ ብላ አልፋለች፣ ይሄ ሙሉ ፍቺ ነው፣ ማለትም ይባላልም የለበትም።

ሌላው የነገሩኝ በጣም የጠቀመኝ ነገር አማርኛ ስናወራ ብዙ ጊዜ ፍቺውን አስቀድመን ቃሉን ከኋላ እንደምናመጣ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲሆን እከሌ ይባላል ነው የምንለው። ዝርዝር ውስጥ ሲገባ መገልበጥ አለበት። ሲገለበጥ ደግሞ ስትዘፈዝፊው የሚለው የሚዘፈዘፍ ወይ የተዘፈዘፈ ይሆናል፣ አንቺ የሚለው ይጠፋል ማለት ነው፣ ቃሉም ላይ የተለጠፉት ው፣ ን፣ በ ሁሉ ይላቀቃሉ። እንኩሮውን የሚል የለም፣ እንኩሮ ነው።

መልስ 3። እዚህ ላይ አንዲት እህት ጥያቄውን ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ የጠየቅኩ መስሏት ገባች። ጌሾ ሲበዛ እንደሚመርና እሷ ቅጠሉን ለጥንስስ፣ እንጨቱን ለድፍድፍ እንደምትለይ በሰፊው ጻፈች። ሌላ ሰው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ የሐበሻ ሱቆች የደረቀ ጌሾ እንደሚገዛ ጨመረ፣ ከዛ ለተወሰነ ጊዜ ወሬው ሁሉ ፕላስቲክ በርሜል ጋንን ይተካል አይተካም ሆነ። ከርዕስ ወጥተናል ብዬ ልቆርጠው ነበር፣ ግን የዚችን እህት መልስ አልረሳሁትም፣ አክስቴ ጌሾ የምትለው አንዴ ቅጠሉን አንዴ እንጨቱን እንደሆነ ያየሁት በሷ ነው። ዝርዝሩ ላይ ጌሾ ብቻ ብዬ አስገብቼ ነበር፣ ለሁለት ከፈልኩት።

መልስ 4። ከአራሚው ጋር የተስማማ አንድ መምህር ድፍድፍን ወስዶ እየቆረጠ አሳየን። የሱ ነጥብ ትልቁ ችግር ያ፣ ይህ፣ እሱን፣ ከላይ ያልኩሽ የሚሉት ቃላት ላይ ነው የሚል ነው። ጽሑፉ ውስጥ እያለ እሱን ሲባል ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ በፊደል ተራ ሲደረደር ግን ከጎኑ ወይራ ወይ ጉሽ ነው የሚገኘው፣ እሱን የተባለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተውላጠ ስም ቦታ ስሙ ይገባል፣ ያ ስም ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደግሞ ማገናኛ ይደረግበታል። እንዲህ አድርጎ ነው የለጠፈው፦

```html
<dl>
  <dt id="difdif">ድፍድፍ</dt>
  <dd><a href="#tinsis">ጥንስስ</a> ላይ <a href="#enkuro">እንኩሮ</a>
  ተጨምሮ ጋን ውስጥ አፉ ተመርጎ የሚቆይ ወፍራም ድብልቅ።</dd>

  <dt id="tinsis">ጥንስስ</dt>
  <dd>የተወቀጠ <a href="#gesho">ጌሾ</a> ከ<a href="#biqil">ብቅል</a>
  ጋር በውሃ ተዘፍዝፎ የሚያድር።</dd>
</dl>
```

ቃሉ `dt` ውስጥ፣ ፍቺው `dd` ውስጥ፣ ሁለቱም `dl` ውስጥ። ለምን ሠንጠረዥ አልሆነም ያለ ሰው ነበር፣ መምህሩ ሠንጠረዥ ስልክ ላይ እንደሚጨናነቅና አንድ ፍቺ ሁለት አጻጻፍ ያለው ቃል ሲያጋጥም ሁለት `dt` አከታትሎ አንድ `dd` መስጠት እንደሚቻል አስረዳው። ብቅል የሚልም ቡቅል የሚልም ስላለ ለኔ ጥሩ መጣልኝ።

መልስ 5። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ተቆጥቶ ገባ። የሚሠራው ሁሉ የአክስቴን እውቀት ማፍረስ እንደሆነ ነው የጻፈው። የጠላ እውቀት ተራው ላይ ነው፣ መጀመሪያ ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ከዛ ጥንስሱ፣ ከዛ ድፍድፉ፣ በፊደል ተራ ሲሆን ግን የሥራው መነሻ የሆነው ጥንስስ ጠ ላይ ስለሆነ የመጨረሻው ይሆናል፣ በርዞ የሚጠጣው ቅራሪ ደግሞ ቀ ስለሆነ ከፊት ይመጣል። በዚህ ዝርዝር ጠላ የሚጠምቅ ሰው አብሲት ሳይጥል እንጀራ እንደሚጋግር ነው የሚል ነገርም ጨመረበት። አነጋገሩ ከበደኝ፣ አልዋሽም፣ አክስቴን አክብሬ የጀመርኩትን ነገር ነው ማፍረስ ያለው። ግን ዝርዝሬን ደግሜ ሳየው ያለው ልክ ነው፣ ጥንስስ እውነትም መጨረሻ ላይ ነው።

መልስ 6። አራሚው ተመልሰው ለሱ መለሱለት፣ በትህትና ግን ጠንከር አድርገው። ዝርዝሩ ጽሑፉን አይተካም፣ ጽሑፉ አንድ ቃል ሳይነካ ከላይ ይቀመጣል፣ ዝርዝሩ ከታች። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የማያውቀው ቃል ላይ ሲደርስ ተጭኖ ወርዶ ያያል፣ ይመለሳል። እኔ ፍቺውን ከላይ ቆርጬ ወደ ታች ላወርደው ነበር ያሰብኩት፣ እሳቸው መቁረጥ ሳይሆን መቅዳት እንደሆነ አሳመኑኝ፣ ምክንያቱም የአክስቴ ጽሑፍ ፍቺዎቹ ከወጡለት ስለ ምን እንደሚያወራ አይገባም። ለሥራው ተራም መፍትሔ ሰጡ፣ እያንዳንዱ ፍቺ ከየትኛው ቃል እንደሚነሳ ማገናኛው ስለሚያሳይ ከድፍድፍ ወደ ጥንስስ፣ ከጥንስስ ወደ ብቅል ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። መልስ 5 የጻፈው ሰው ይሄን አልተቀበለም፣ አልመለሰምም።

መልስ 7። ፕሮግራመር የሆነ ልጅ ስለ ተራው ገባ። ዩኒኮድ ላይ የኛ ፊደል የተቀመጠው በሀለሐመ ተራ ስለሆነ ኮምፒውተሩ በኮድ ቁጥር ሲደረድር አብዛኛው ልክ ይመጣል፣ የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም። ችግሩ ሞክሼ ፊደላት ላይ ነው። ጽሑፌን አብራኝ የተየበች የአጎቴ ልጅ አንድ ቦታ እንኩሮ፣ ሌላ ቦታ ዕንኩሮ ብላለች፣ እንኩሮ ከእንስራ ቀጥሎ ይመጣል፣ ዕንኩሮ ግን ወይራን አልፎ ይሄዳል፣ ዐ ከወ በኋላ ስለሆነ። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ወጣ ማለት ነው፣ ቶሎ ካልታየ ደግሞ ሁለት ፍቺ ይሰጠዋል። እንስራና እንሥራም እንደዛው። እሱ ያደረገው ለመደርደር ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መለወጥ ነው፣ የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፦

```python
t = str.maketrans("ሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖ",
                  "ሰሱሲሳሴስሶአኡኢኣኤእኦ")
words.sort(key=lambda w: w.translate(t))
```

ሐን፣ ኀንና ፀን በዚሁ መንገድ መጨመር እንደሚቻል ተናገረ።

መልስ 8። ወዲያው ሌላ ሰው አረመው፣ ትንሽ በሹል አንደበት። ዓን ወደ ኣ መለወጥ ለአማርኛ በቂ አይደለም፣ በኛ አነባበብ ዐ፣ ዓ፣ አ፣ ኣ አራቱም አንድ ድምፅ ናቸው፣ ስለዚህ ዓም ኣም ወደ አ መሄድ አለባቸው፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃም ሁሉም ወደ ሀ። ለምሳሌ ኣተላ ተብሎ የተጻፈ ካለ ከአ ቃላት ሁሉ በኋላ ነው የሚገባው። የሚገርመው የኔ ዝርዝር ላይ በእውነትም ኣተላ ነበረ፣ ግን ጥፋቱ አይታይም ነበር፣ ከአተላ በኋላ በአ የሚጀምር ሌላ ቃል ስለሌለኝ ተጎራብተው ነው የተቀመጡት። ዝርዝሩ ሲያድግ ነው የሚለያዩት። ፕሮግራመሩ ተቀበለውና አስተካከለ፣ ብቻ ነገሩን በጨዋ ደንብ መናገር ይቻል እንደነበር ጠቆም አደረገ፣ ሰውየውም ይቅርታ አለ።

ይሄው ሰው ሌላም ነገር አሳየ። ሁለት ቃል ያለውን ስም አንዳንዴ በባዶ ቦታ፣ አንዳንዴ በሁለት ነጥብ ለያይቼ ጽፌያለሁ። ባዶ ቦታ ከፊደላቱ ሁሉ ይቀድማል፣ ሁለት ነጥብ ግን በኮዱ ከፐም በኋላ ነው ያለው። ስለዚህ ጌሾ፡ቅጠል ከጌሾ እንጨት በታች ወርዶ ነበር፣ ቀ ከአ መቅደም ሲገባው። ሁለት ነጥቡን ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ስለውጠው ተስተካከለ።

መልስ 9። አንድ አባት ትክክለኛው ተራ ሀለሐመ ሳይሆን አበገደ እንደሆነ ጻፉ፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዙን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት በአበገደ መሆኑንም አስታወሱ። ይሄ እውነት ነው፣ ማንም አልካደም። መልስ የሰጧቸው ሰዎች ግን የኔ አንባቢዎች ልጆች መሆናቸውን፣ ትምህርት ቤት የቆጠሩት ሀለሐመ መሆኑን፣ አሜሪካ ያሉትም ሰንበት ትምህርት ቤት የለመዱት ይሄንኑ እንደሆነ ነገሯቸው። እሳቸው በሐሳባቸው ጸኑ፣ እኔም በሀለሐመ ቀጠልኩ፣ በሰላም ተለያየን።

መልስ 10። አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ፣ ረጅሙ ክርክር የነበረበት ይሄ ነው። መምህሩ እንዳሳየው ግሥን በመጥመቅ፣ በማጠን፣ በማጥለል ቅርጹ ካስገባሽው ሁሉም መ ውስጥ ይከማቻል። የኔ ዝርዝር ላይ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ግን የሽመና ወይ የእርሻ ቃላት ቢሆን ግማሹ ዝርዝር መ ላይ ይሆናል፣ ያኔ ፊደሉ ምንም አይለይም። የ ላይም እንደዛው ነው፣ የተጣራ ጠላ፣ የከረመ ጠላ ተብሎ ከተጻፈ ሁሉም የ ሥር ይገባል፣ ማንም ደግሞ የ ላይ ሄዶ አይፈልገውም፣ ጠላ፣ የተጣራ ብሎ መገልበጥ ይሻላል። የ ላይ ሁላችንም ተስማማን። መ ላይ ግን አልተስማማንም።

መልስ 11። መምህሩ በስም እንዲተካ ነው የፈለገው፣ መጥመቅ ከማለት ጠመቃ ማለት፣ ያኔ ጠ ውስጥ ከጠላ ቀጥሎ ቦታውን ያገኛል። አራሚው ጠመቃ ላይ ተስማሙ፣ ግን ለሁሉም ግሥ እንዲህ ያለ ስም እንደሌለ አመለከቱ። ጋኑን በወይራ ጭስ ማጠን ስሙ ማን ይባላል? እጣን ሌላ ነገር ነው። ያልነበረ ስም ፈጥሮ ማስገባት ደግሞ ልጆቹ የቤተሰቡ ቃል ነው ብለው እንዲይዙት ያደርጋል። አንዲት የመዝገበ ቃላት ሥራ የምታውቅ ሴት በበኩሏ ግሡ በኃላፊ ጊዜ ይግባ አለች፣ ጠመቀ፣ አጠነ፣ አጠለለ፣ መዝገበ ቃላት እንደዛ ነው የሚያደርገው። ይሄ ንጹሕ መንገድ ነው፣ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ ጽሑፉ ላይ ማጠን የሚል አይታ አጠነ ብላ እንደምትፈልግ እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ እያለቀሰች አትፈልግም፣ ትተወዋለች።

መልስ 12። ከዛ አንዲት እናት ዝርዝሩን አንብበው ፍቺዬን ራሱን ተቃወሙ። እሳቸው ቤት ጥንስስ ጌሾና ውሃ ብቻ ነው፣ ብቅሉ ኋላ ነው የሚገባው። የአክስቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ከብቅል ጋር ነው። ለጥቂት ጊዜ የማን ቤት ልክ ነው ወደሚል ሄዶ ነበር። አራሚው ፍቺው የማን እንደሆነ ከዝርዝሩ በላይ በአንድ መስመር እንዲጻፍ አሳሰቡ፣ ይሄ የአንዲት ሴት አጠማመቅ ነው ተብሎ። ወሬው መሀል እያለ የአክስቴ ድምፅ ስለሚሰማ የሷ መሆኑ ግልጽ ነበር፣ በዝርዝር ሲወጣ ግን የሁሉም ሰው ሕግ ይመስላል። ይሄን ከራሴ አላስተውለውም ነበር፣ መስመሯን ጨመርኩ።

መልስ 13። የመጨረሻው ጠቃሚ መልስ የመምህሩ ነው፣ ዝርዝሩ ማለቁን እንዴት አውቃለሁ ብዬ ስጠይቅ። ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ፍቺ ሌላውን በወረቀት ሸፍኖ ለብቻው ማንበብ፣ ያ፣ እሱ፣ ከላይ፣ ከዛ የሚል ከተገኘ ፍቺው ገና ከጽሑፉ አልተላቀቀም። ሁለተኛ፣ ፍቺዎቹ ውስጥ ያሉትን ስሞች እያወጡ ዝርዝሩ ላይ መኖራቸውን ማየት። በመጀመሪያው ሁለት ያዝኩ፣ አንዱ ጉሽ ነበር፣ ከዛ ሳይጠልል የሚጠጣው ብዬ ጽፌው፣ ከየት የሚለው ጠፍቶ። በሁለተኛው ግን የባሰ አገኘሁ። ጋን የሚለው ፍቺ ውስጥ በግራዋ ታጥቦ ይላል፣ ግራዋ ግን የትም አልተብራራም፣ አራቱም ገጽ ላይ። አክስቴ ግራዋን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ደወልኩላት። ግራዋ ምንድን ነው ስላት ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ ጓሮ ያለው መራራ ቅጠል፣ ጋን የምናሽበት፣ አንቺ ራስሽ ስትቆርጪልኝ አልነበር አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት፣ ጓሮና አንቺ የሚለውን አውጥቼ። መጀመሪያ ከጉሽና ከጋን አስቀድሜ አስገባሁት፣ ግ ስድስተኛ ስለሆነ ከነሱ በኋላ መሆኑን ፕሮግራመሩ አርሞኝ ከጌሾ በታች አወረድኩት።

ማጠን አሁንም ማ ላይ ነው ያለው። ወይራ የሚለው ሥር ማጠንን ይመልከቱ የሚል አስገብቻለሁ፣ ልጆቹ ከዛም ከዚህም እንዲያገኙት። መልስ 11 ላይ ያላችሁ የተሻለ ካላችሁ ክሩ ክፍት ነው።